ቀዩ ፕራይመር ሲጠፋ ባዶውን ማን ይሞላዋል? ከተሞላስ ሊጌዝ ለምን ያስፈልጋል?

መምህርት_ደሴ · ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ዛሬ የዲኤንኤ መባዛትን እያስተማርኩ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ቦርዱ ላይ ሪፕሊኬሽን ፎርኩን ሳልኩ። ከላይ ሊዲንግ ስትራንድ፣ በአንድ ረጅም ቀስት። ከታች ላጊንግ ስትራንድ፣ በአጫጭር ቀስቶች። በየቀስቱ መነሻ ላይ ፕራይመሩን በቀይ ጠመኔ አደረግኩ። ከዚያ «ፕራይመሩ ይወጣል፣ ሊጌዝ ያያይዘዋል» ብዬ ቀዩን በዳስተር ጠረግኩት።

ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ አለኝ። እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ቀዩ ሲጠፋ ባዶ ቦታ ቀረ። ባዶውን ማን ሞላው? ፖሊመሬዝ ከሞላው ደግሞ እዚያው አያይዞት አይጨርስም? ሊጌዝ የሚባል ሌላ ሠራተኛ ለምን መጣ?» አለኝ።

ቦርዱን ሳየው እውነትም ባዶ ነው። መልስ አልነበረኝም። «ሐሙስ እነግርሃለሁ» አልኩት። ስንት ዓመት ስጠርገው የኖርኩትን ቦታ ዛሬ ገና አየሁት። እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ፤ ልጁን በግማሽ መልስ ማሳለፍ አልፈልግም።

ብሩክ_ሁለተኛ_ዓመት · ሰኞ ማታ 3፡05

ቲቸር፣ ይሄ ቀላል ነው። ሊጌዝ ማለት ሙጫ ነው። ፕራይመሩ ሲወጣ ክፍተቱን ሊጌዝ ይሞላውና ያጣብቀዋል። ላጊንግ ላይ ብዙ ቁራጭ ስላለ ብዙ ሊጌዝ ያስፈልጋል። ሊዲንግ ላይ ግን ፕራይመር ስለሌለ ሊጌዝም የለም። ሚድ ኤግዛም ላይ መጥቶ እንደዚህ ነው የመለስኩት።

ላብቴክ_አዳማ · ሰኞ ማታ 3፡30

ፕራይመር ከሆነ ጉዳዩ ይሄ የኔ ሥራ ነው። በኮቪድ ጊዜ ቀን ከሌት ፒሲአር ስንሠራ ነው የከረምነው። ግን እኮ ፕራይመር አይወጣም! በትዕዛዝ ተሠርቶ በትንሽዬ ቱቦ ይመጣል፤ ርዝመቱ 20 ፊደል ገደማ ነው። ከተጠቀምሽበት በኋላ የተባዛው ዲኤንኤ ጫፍ ላይ እንዳለ ይቀራል። የሚጠርገው የለም። እኛን የሚያስቸግረን ፕራይመሮቹ እርስ በርሳቸው ሲጣበቁ ነው፤ ያኔ የሙቀት መጠኑን ከፍ እናደርጋለን። ቲቸር፣ ስንት ዲግሪ ላይ ነው የምትሠሩት? ክፍተት የሚፈጠርባችሁ ምናልባት ፕራይመሩ አልገጥም ብሎ ይሆናል።

ሸማኔው · ሰኞ ሌሊት 5፡50

እህቴ መምህርት፣ ተማሪሽ ሁለት የተለያየ ሥራ እንዳለ በዓይኑ አይቷል። መሙላት አንድ ነው፣ መስፋት ሌላ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ደባልቆ ነው የሚመረቀው። እኔ እዚህ ሜሪላንድ በዚሁ ጉዳይ ላይ ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ባደርገው አትታዘቡኝ።

አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ስለዚህ ስትራንድን «ፈትል» እላለሁ። ፎርክን ደግሞ «ባላ» እላታለሁ። ጎጆ የሚደገፍበት መንታ እንጨት ባላ ይባል የለ? ቅርጿ ያው ነው።

ብሩክ ወንድሜ፣ ሙጫ ማለትህ አይከፋም። ግን ሊጌዝ ክፍተት አይሞላም። አንዲት ፊደል ብትጎድል እንኳ አይጨምርም። እርሱ የሚሠራው ሁሉም ፊደል በቦታው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ሊዲንግ ፈትል ላይም ፕራይመር አለ። ፖሊመሬዝ ከባዶ መጀመር አይችልም፤ የሚቀጥልበት ጫፍ ይፈልጋል። ሊዲንግ ላይ ያ ጫፍ በመነሻው አንድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ባላዋን እየተከተለ ይሄዳል። ላጊንግ ላይ ግን በየጊዜው አዲስ ያስፈልገዋል።

አሁን ምሳሌ እንሥራ። ባክቴሪያ እንውሰድ፣ ኢ. ኮላይን። ባላዋ በሰከንድ 1000 ፊደል ያህል እየከፈተች ትሄዳለች። ሦስት ሰከንድ ብቻ እንያት። መነሻውን 0 እንበለው፤ በሦስተኛው ሰከንድ ባላዋ 3000 ላይ ደርሳለች። የኢ. ኮላይ ቁራጭ ከ1000 እስከ 2000 ፊደል ነው። ለእኛ እንዲቀል እያንዳንዱን 1000 እናድርገው።

ባላዋ 1000ን እንዳለፈች ፕራይሜዝ የሚባለው ኢንዛይም እዚያ ላይ አጭር የአርኤንኤ ፕራይመር ይጥላል። አሥር ፊደል እንበል፤ ከ1000 እስከ 991። ከባዶ መጀመር የሚችለው እርሱ ነው። ሁለት ነጠላ ፊደል አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ይነሳል። ከዚያ ዋናው ፖሊመሬዝ ከ990 ጀምሮ ወደ 0 ይሠራል። ልብ በሉ፣ ባላዋ ወደ 2000 እየሄደች ነው፤ እርሱ ግን ወደ ኋላ ነው የሚሠራው። ዲኤንኤ ሁልጊዜ ከ5′ ወደ 3′ ብቻ ስለሚያድግ ሌላ ምርጫ የለውም።

ባላዋ 2000 ስትደርስ ሁለተኛ ፕራይመር ይጣላል፣ ከ2000 እስከ 1991። ፖሊመሬዙ ከዚያ ተነስቶ 1001 ድረስ ይመጣል። ፊት ለፊቱ 1000 ላይ ምን አለ? የመጀመሪያው ቁራጭ ቀይ ፕራይመር። እዚያ ይቆማል፤ ለቆም ወደ ሌላ ፕራይመር ይሄዳል።

አሁን የልጁ ጥያቄ ላይ ደረስን። ሌላ ፖሊመሬዝ ይመጣል፣ ፖሊመሬዝ 1 ይባላል። 1001 ላይ ያለውን ጫፍ ይይዝና ፊት ለፊቱ ያለውን አርኤንኤ እየበላ፣ ከኋላው ዲኤንኤ እየተከለ ይሄዳል። 1000፣ 999፣ 998 እያለ እስከ 991። ስለዚህ መምህርት፣ ቦርዱ ላይ ባዶ ቦታ ማሳየት የለብሽም። መብላትና መትከል አንድ ላይ ነው የሚሄዱት።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። የአንደኛውን ቁራጭ ፕራይመር የተካው ማነው? የሁለተኛው ቁራጭ ጫፍ ነው፣ ረዝሞ። ማንም ቁራጭ የራሱን ፕራይመር አይተካም። የአሮጌው ፕራይመር ቦታ የሚሞላው ከኋላው በመጣው አዲስ ቁራጭ ነው። ይህንን ቦርዱ ላይ በቀስት አሳዪያቸው፤ ለሌላውም ይጠቅማቸዋል።

ሥራው ሲያልቅ 991 እና 990 ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፊደል አልጎደለም። ግን አልተያያዙም። ስንጥቅ አለ። ሁለተኛውን ጥያቄ ነገ እመለስበታለሁ፤ እናንተ ጋ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው።

መምህርት_ደሴ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥር ሰጥተው ስላሳዩኝ ገባኝ። ወረቀት ላይ ከ0 እስከ 3000 መስመር አስምሬ ሠራሁት። የራሱን ፕራይመር የሚተካ ቁራጭ የለም የሚለውን እኔም ተሳስቼ ነበር የማስተምረው። ሁለተኛውን ጥያቄ በጉጉት እጠብቃለሁ።

ላብቴክ፣ የኔ ወንድም፣ ላብራቶሪ የለንም። ጠመኔና ቦርድ ነው ያለን።

ላብቴክ_አዳማ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡00

ይቅርታ ቲቸር፣ የቱቦ ሥራ መስሎኝ ነው። ግን አሁን እኔንም አንድ ነገር ከነከነኝ። እኛ ቱቦ ውስጥ ሊጌዝ አንጨምርም። ፕራይሜዝም አንጨምርም። ላጊንግ የሚባል ነገርም አይተን አናውቅም። ያው ዲኤንኤ ነው፣ ያው ፖሊመሬዝ ነው። እንዴት ነው ታዲያ?

ኮደር_ፍራንክፈርት · ማክሰኞ ጠዋት 4፡20

ባዮሎጂ ሙያዬ አይደለም፤ ክሩን ሳነብ ግን ማቆም አቃተኝ። በምሳሌ ልሞክር፣ ካጠፋሁ አርሙኝ። መንገድ ሲሠራ አስቡ። ቆፋሪ ማሽን ከፊት ይሄዳል። በቀኝ በኩል ያለው ቡድን ማሽኑን ተከትሎ ወደ ፊት ኮብልስቶን ያነጥፋል። በግራ በኩል ያለው ቡድን ግን ጀርባውን ለማሽኑ ሰጥቶ ካልሆነ ማንጠፍ አይችልም። ስለዚህ በየጊዜው ወደ ማሽኑ ይሮጥና ከዚያ ወደ ኋላ እያነጠፈ፣ ቀድሞ ያነጠፈው ጋ ሲደርስ ይቆማል። እንደገና ይሮጣል። ልክ ነኝ?

ልክ ከሆንኩ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ለምን ወደ ሌላው አቅጣጫ ማንጠፍ የሚችል ሠራተኛ አልተፈጠረም? አንድ እንደዚያ ያለ ኢንዛይም ቢኖር ቁራጭም፣ ፕራይመርም፣ ስፌትም አያስፈልግም ነበር። በኔ ሙያ እንዲህ ያለ የተንዛዛ ኮድ ካየሁ እጽፈዋለሁ እንደገና።

አንድ ሒሳብም ሠራሁ። የሰው ቁራጭ ከ100 እስከ 200 ፊደል ነው ይላል ያነበብኩት። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ከእናትም ከአባትም የመጣው ሲደመር 6 ቢሊዮን ገደማ ፊደል አለ። ስለዚህ አንድ ሴል አንድ ጊዜ ሲከፈል ከ30 እስከ 60 ሚሊዮን ስፌት አለ ማለት ነው። ትክክል ነው ይሄ?

ሸማኔው · ማክሰኞ ማታ 1፡30

ሒሳቡ ልክ ነው። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ስፌት ነው፣ በአንዲት ሴል፣ በአንድ ዙር። የመንገዱም ምሳሌ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ላርመው። የግራው ቡድን አይሮጥም። ሁለቱም ፖሊመሬዞች ከባላዋ ጋር አንድ ላይ ታስረው ነው የሚሄዱት። የሚታጠፈው ዲኤንኤው ነው። የላጊንግ ፈትሉ እንደ ቀለበት ታጥፎ ይረዝማል፤ ቁራጩ ሲያልቅ ቀለበቱ ይለቀቃል፤ ለሚቀጥለው እንደገና ይታጠፋል። ብሩስ አልበርትስ ይህን ሲያስረዳ ትሮምቦን ከሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ጋር አመሳስሎታል፣ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር።

የላብቴክ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው። እናንተ ቱቦውን 95 ዲግሪ ስታሞቁት ሁለቱ ፈትሎች ሙሉ በሙሉ ይለያያሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ነው። በየጫፉ የእናንተ ፕራይመር ይቀመጥና ፖሊመሬዝ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ባላ የለም። ላጊንግ የሚፈጠረው ዲኤንኤው ቀስ በቀስ ሲከፈትና ሁለቱም ፈትል እኩል ሲገለበጥ ብቻ ነው። ሴል 95 ዲግሪ መሞቅ አይችልም፤ ስለዚህ ከባላዋ ማምለጫ የለውም። የእናንተ ፕራይመር የማይጠረገውም ከመጀመሪያውም በዲኤንኤ ስለተሠራ ነው።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ። ፖሊመሬዝ ለምን ራሱ አይሰፋም?

ፖሊመሬዝ አንድ ፊደል ሲጨምር ጉልበቱን ከየት ያመጣል? ከራሱ ከሚመጣው ፊደል። እያንዳንዱ ነጠላ ፊደል ሦስት ፎስፌት ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ሲገባ ሁለቱ ይለቀቃሉ፤ ያ ነው ጉልበቱ። የምግቡን ስንቅ እንደያዘ እንደሚመጣ የቀን ሠራተኛ አስቡት።

990 ላይ ግን የሚጨመር ፊደል የለም። ሁሉም ገብቷል። 990 ጫፉ ላይ የያዘው አንድ ፎስፌት ብቻ ነው፤ ስንቁን ድሮ ጨርሷል። ፖሊመሬዝ እዚህ የሚጠቀምበት ጉልበት የለውም። ሊጌዝ የሚመጣው ስንቅ ከውጭ ይዞ ነው። በሰው ውስጥ ከኤቲፒ ያገኘዋል፣ በኢ. ኮላይ ደግሞ ኤንኤዲ ከሚባለው። መጀመሪያ ከዚያ ላይ ኤኤምፒ የሚባለውን ክፍል በራሱ ላይ ያስራል። ቀጥሎ ኤኤምፒውን 990 ላይ ላለው ፎስፌት ያስተላልፋል። አሁን ያ ጫፍ ጉልበት አገኘ። በመጨረሻ የ991 ጫፍ ያጠቃውና ይያያዛሉ፤ ኤኤምፒው ይወድቃል። በቃ። ፈትሉ አንድ ሆነ።

አንድ ደስ የሚለኝ ነገር ልጨምር። ፊት ለፊቱ ገና ያልተጠረገ አርኤንኤ ካለ ሊጌዙ ለመስፋት እምቢ ይላል። የፕራይመሩ የፊት ጫፍ ሦስት ፎስፌት ነው ያለው፤ ሊጌዝ የሚፈልገው አንድ። ስለዚህ ቀዩ ሳይጠረግ በስህተት አይሰፋም።

የኮደሩን ጥያቄ ነገ። እርሱ ራሱን የቻለ ነገር ነው።

ብሩክ_ሁለተኛ_ዓመት · ማክሰኞ ማታ 2፡10

ጋሼ፣ ሊጌዝ አይሞላም የሚለውን ተቀብያለሁ። ግን ይሄ ሁሉ እንዴት ታወቀ? 1001 እና 991 ላይ ቆሞ ያየ ሰው የለም። መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ብቻ ነው። ሊዲንግ በአንድ ጊዜ፣ ላጊንግ በቁራጭ የሚለውስ ሙከራ አለው?

ሸማኔው · ረቡዕ ጠዋት 12፡40

ብሩክ፣ ይህን ስለጠየቅክ ደስ አለኝ። አለው።

ሰዎቹ ሬይጂ እና ትሱኔኮ ኦካዛኪ ናቸው፣ ባልና ሚስት፣ ጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ። ውጤቱን ያወጡት በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ኢ. ኮላይን 20 ዲግሪ ላይ አቀዘቀዙት፣ ሥራው እንዲዘገይላቸው። ከዚያ ጨረር ያለው ታይሚዲን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ሰጡትና ወዲያው አስቆሙት። በእነዚያ ሰከንዶች የተሠራው ዲኤንኤ ብቻ ጨረር ይዟል። ሁለቱን ፈትል በአልካሊ ለያይተው በስኳር ውሃ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት አሽከረከሩት። አጭሩ ከላይ ይቀራል፣ ረጅሙ ወደ ታች ይወርዳል። ጨረሩ አጭሩ ጋ ተገኘ። ጊዜውን ሲያረዝሙት ደግሞ ጨረሩ ወደ ረጅሙ ተሻገረ። አጭሩ ቁራጭ የረጅሙ መሥሪያ ነው ማለት ነው።

ሊጌዝ የተገኘው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1967 ነበር። ስለዚህ ቀጥለው ሊጌዙ ሙቀት ሲጨምር የሚበላሽ ቫይረስ ወሰዱ። ሲያሞቁት ቁራጮቹ ተከማቹ፤ አልተያያዙም። የፖሊመሬዝ 1 ነገርም እንዲሁ ነው። በ1969 እርሱ የተበላሸበት ኢ. ኮላይ ተገኘ። ባክቴሪያው አልሞተም፤ ቁራጮቹ ግን የሚያያዙት በጣም ዘግይተው ነው።

ሬይጂ በልጅነቱ ሂሮሺማ ላይ ለወደቀው ቦምብ ጨረር የተጋለጠ ሰው ነበር። በ1975 በ44 ዓመቱ በሉኪሚያ አረፈ። ትሱኔኮ ሥራውን ቀጠለች፤ ቁራጮቹ ጫፍ ላይ አርኤንኤ እንዳለ ያጠናከረችው እርሷና ባልደረቦቿ ናቸው። ስለዚህ የላጊንግ ቁራጮቹን «ኦካዛኪ ቁራጭ» ስንል የሁለት ሰው ስም ነው የምንጠራው። መምህርት፣ ይህን ለልጆቹ ንገሪያቸው፤ በተለይ ለሴቶቹ።

ማስተርስ_ሐዋሳ · ረቡዕ ጠዋት 3፡25

ጋሼ፣ አንድ ነገር ዘለሉ። የብሩክ ጥያቄ እኮ «ሊዲንግ በአንድ ጊዜ መሠራቱ ይታወቃል ወይ» የሚልም ነበር። በኦካዛኪዎቹ ሙከራ ግማሹ ብቻ ሳይሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም አዲስ ዲኤንኤ አጭር ነበር። ሊዲንግ ቀጣይ ቢሆን ግማሹ ከመጀመሪያውም ረጅም መሆን ነበረበት። ይሄ ግን ኋላ ተፈትቷል። አልፎ አልፎ በታይሚን ፋንታ ዩራሲል ይገባል፤ ጥገናው ያንን ሲያወጣ ሊዲንጉም ይቆረጣል። ስለዚህ አጭር መስሎ ይታያል። ጉዳዩ በ1970ዎቹ ተዘግቷል ብዬ ነው የማስተምረው።

ሸማኔው · ረቡዕ ማታ 1፡00

ልክ ነህ፣ ዘልዬዋለሁ። ተዘግቷል በሚለው ግን አልስማማም። ዩራሲል ከፊሉን ያስረዳል። ንጹህ ፕሮቲኖችን ቱቦ ውስጥ ሰብስበን ስንሠራ ሊዲንጉ አንድ ረጅም ሆኖ ይወጣል፤ ይህን በእጄ ሠርቼ አይቻለሁ። ሕይወት ባለው ባክቴሪያ ሊጌዙን ስናጠፋው ደግሞ የዩራሲል ጥገናውን ብንዘጋውም አጭሩ በብዛት ይታያል። ሌላ ጥገና ነው የቆረጠው? ወይስ ሊዲንጉም መሰናክል ሲገጥመው ተሻግሮ ከፊት እንደገና ይጀምራል? እንደገና መጀመር እንደሚችል በሙከራ ታይቷል። በተለመደው ሁኔታ ምን ያህል ጊዜ ያደርገዋል የሚለው ነው ያልተስማማንበት።

ማስተርስ_ሐዋሳ · ረቡዕ ማታ 1፡40

እኔ አሁንም ጥገና ነው እላለሁ። እንደገና መጀመሩ የሚታየው ዲኤንኤው ጉዳት ሲኖርበት ነው፤ ያንን ወደ ጤነኛው ማዞር አይመቸኝም።

ሸማኔው · ረቡዕ ማታ 2፡05

ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ አንተም እኔም በየአቋማችን እንቆይ። ለ12ኛ ክፍል «ሊዲንግ በመሠረቱ ቀጣይ ነው» ማለት ይበቃል።

አሁን ለኮደሩ። በሌላው አቅጣጫ የሚሠራ ለምን የለም? እኔ የማምንበት መልስ ከስንቁ ጋር የተያያዘ ነው። አሁን ባለው አሠራር ሦስቱን ፎስፌት የያዘው አዲስ ገቢው ፊደል ነው። ፖሊመሬዙ ተሳስቶ ያልሆነ ፊደል ቢያስገባ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቆርጠዋል፤ የሚቀጥለው ፊደል የራሱን ስንቅ ይዞ ስለሚመጣ ሥራው ይቀጥላል። በተቃራኒው አቅጣጫ ቢሆን ኖሮ ስንቁን የሚይዘው እያደገ ያለው የፈትሉ ጫፍ ይሆን ነበር። ተሳስተህ ጫፉን ስትቆርጥ ስንቁም አብሮ ይሄዳል። ፈትሉ እዚያው ይሞታል። እርማትና ፍጥነት አብረው እንዲኖሩ አሁን ያለው አቅጣጫ ይሻላል። «እንደገና እጽፈዋለሁ» ብለሃል፤ እንደገና ስትጽፈው አራሚውን ነው የምታጣው።

ፕራይመሩ አርኤንኤ የሆነውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል ብለን እናስባለን። ከባዶ የሚጀምር ሰው የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች በደንብ ማረም አይችልም። ፕራይሜዝ ስህተት ይበዛበታል። ግን የጻፈው በሌላ ቀለም ነው፣ በአርኤንኤ። ስለዚህ የትኛው ረቂቅ እንደሆነ ይታወቃል፤ ተጠርጎ በተስተካከለ ይተካል። መምህርት ቀይ ጠመኔ መያዝሽ ትክክል ነው።

ሐኪም_ጎንደር · ረቡዕ ማታ 3፡15

ከሕክምናው በኩል ትንሽ ልበል። ሊጌዝ 1 የሚባለው የሰው ሊጌዝ በተፈጥሮ የተበላሸባቸው ጥቂት ሰዎች በሕክምና ጽሑፍ ላይ አሉ። ዘረ-መሉ ላይ ያለው ስህተት ሊጌዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ ያደክመዋል። ከእነዚህ አንዷ እድገቷ የቀጨጨ፣ በሽታ የመከላከል አቅሟ የደከመ ወጣት ነበረች። ከቆዳዋ የተወሰዱት ሴሎች ሲመረመሩ ኦካዛኪ ቁራጮቹ የሚያያዙት ዘግይተው ነበር። ቶሎ ቶሎ የሚከፈሉ ሴሎች፣ እንደ ነጭ የደም ሴል ያሉት፣ ቀድመው የሚጎዱበት ምክንያት ኮደሩ የሠራውን ሒሳብ ሳይ ይበልጥ ገባኝ።

ጥያቄም አለኝ። በሰው ውስጥም ፖሊመሬዝ 1 ነው የሚጠርገው?

ሸማኔው · ረቡዕ ማታ 3፡40

አይደለም ዶክተር። በሰው የሚመጣው ፖሊመሬዝ ዴልታ ፕራይመሩን አይበላውም፤ እየገፋ ከሥሩ ያነሳዋል። የተነሳው እንደ ላላ ክር ይንጠለጠላል። ፌን 1 የሚባል ኢንዛይም ያንን ከሥሩ ይቆርጠዋል። ከዚያ ሊጌዝ 1 ይሰፋል። ክሩ ሳይቆረጥ በጣም ከረዘመ ችግር ነው፤ ሌላ ኢንዛይም መጥቶ ያሳጥረዋል። ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ አዲሱ ቁራጭ ረዝሞ የአሮጌውን ፕራይመር ቦታ ይይዛል።

መምህርት_ደሴ · ሐሙስ ማታ 1፡10

ክፍል ገብቼ መጣሁ። ቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ከ0 እስከ 3000 አሰመርኩ። ቀዩን በዳስተር ሳልጠርግ፣ ልጁን ራሱን አውጥቼ ነጭ ጠመኔ ሰጠሁት። ከ1001 ተነስቶ አንዱን ቀይ በጣቱ ሲያጠፋ በቦታው ነጩን ይጽፋል። እስከ 991። ከዚያ 991 እና 990 መካከል ቀጭን መስመር ተውኩና «ይሄን ማን ይሰፋዋል? ስንቁስ ከየት?» አልኳቸው። ግማሹ ክፍል «ኤቲፒ!» አለ። ኢ. ኮላይ ስለነበር አስተካከልኳቸው። ስለ ትሱኔኮም ነገርኳቸው።

አስገርሞኛል፣ ልጁ ቁጭ አላለም። ቦርዱ ጫፍ ላይ 3000 ጋ ቆሞ ቀረ። «ቲቸር፣ የአሮጌውን ፕራይመር የሚተካው ከኋላው የመጣው አዲስ ቁራጭ ነው አሉን። እሺ። ሰው ውስጥ ግን ክሮሞዞሙ ጫፍ አለው። የመጨረሻው ቁራጭ ፕራይመር ጫፉ ላይ ቢወድቅ፣ ከኋላው የሚመጣ ቁራጭ የለም። ያንን ማን ይተካዋል?» አለኝ።

ጋሼ፣ እባክዎ።

ሸማኔው · ሐሙስ ማታ 2፡30

መምህርት፣ ያ ልጅ ያየውን ነገር አሌክሴይ ኦሎቭኒኮቭ የሚባል የሩሲያ ሳይንቲስት ባቡር ጣቢያ ቆሞ እያሰበ አይቶት፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ጽፎት ነበር። ኢ. ኮላይ ክብ ስለሆነ ጫፍ የለውም፤ እኛ ግን አለን። አጭሩ መልስ፦ በአብዛኞቹ ሴሎቻችን ማንም አይተካውም፤ ጫፉ በየዙሩ ያጥራል። ረጅሙ መልስ ቴሎሜር ይባላል። ለእርሱ አዲስ ክር ክፈቺ፤ ልጁንም እዚህ እንዲገባ ንገሪው።